ሳተላይቱ ያላየው ጎጆ

ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምድርን ፎቶ የሚያነሱት ከ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ነው። ምስላቸው ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ያህል ተመልሰው ያዩታል። የግብርና ባለሙያውም፣ ደን የሚከታተለውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ተማሪም አዘውትሮ የሚጠቀምባቸው ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ወሰን አላቸው። አጥርተው በሚያዩባቸው ቀለማት እንኳ የምስላቸው ትንሿ ነጥብ፣ ፒክስል የምንላት፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች። 100 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የአንድ ገበሬ ቤት ከነደጁ፣ ከነበረቱና ከጓሮው ጎመን ጋር በዚች አንዲት ነጥብ ውስጥ ይጠቃለላል።

ስለዚህ ምስሉን በኮምፒውተር አቅርበን ስናየው መንደሩ ባለቀለም ካሬዎች ስብስብ ይሆንብናል። ይህን የሚያስተካክሉ ሶፍትዌሮች ዛሬ በየቦታው አሉ። ደብዛዛውን ምስል ተቀብለው አራት እጥፍ ያሰፉታል፤ የጣሪያውን ጠርዝ፣ የባሕር ዛፉን ጥላ፣ የማሳውን ወሰን ቁልጭ አድርገው ይመልሱልናል። ለዓይን ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ሰው በዚያ ምስል ላይ መለኪያውን ሲዘረጋ ነው። ጣሪያው ስንት ካሬ ሜትር ነው? መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል? ማሳው ስንት ሄክታር ይሆናል? ሶፍትዌሩ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ እስከ ነጥብ ቤት የደረሰ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ከመሬቱ ሳይሆን ከሶፍትዌሩ ግምት የመጣ መሆኑ ግን ምስሉ ላይ አይታይም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማየት አንዲት ፒክስል ወስደን ውስጧን እንመርምር። የሳተላይቱ መሣሪያ ቅርጽ አይስልም። ከዚያች ካሬ የተመለሰለትን ብርሃን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ቁጥር ይመዘግባል። በካሬዋ ውስጥ ቤቱ በየትኛው ጥግ እንደቆመ፣ ዛፉ ከቤቱ በስተግራ ይሁን በስተቀኝ፣ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። ሁሉም ተደምሮ አንድ አማካይ ይሆናል።

በቁጥር እንሞክረው። አንዲት ፒክስል ያረፈችው በእርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ነው እንበል፤ አፈሩ ካረፈበት ብርሃን 10 በመቶውን ይመልሳል። በመካከሉ 30 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ዓመታት ያስቆጠረ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ፤ እሱ ደግሞ 50 በመቶ ይመልሳል። ከመቶው ካሬ ሜትር ሠላሳው በ50፣ ሰባው በ10 ሲባዛና ሲደመር አማካዩ 22 በመቶ ይመጣል። ሳተላይቱ 22 ብሎ ይመዘግባል፤ በዚህ ቀለም ስለዚያ ቤት የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

አሁን ከቁጥሩ ተነስተን ወደ መሬቱ እንመለስ። 22 የሚል ቁጥር በእጃችን አለ፤ መሬቱ ላይ ምን ቆሟል? 30 ካሬ ሜትር የሆነው አሮጌ ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገና ያልደበዘዘ፣ 70 በመቶ የሚያንጸባርቅ አዲስ ቆርቆሮ ከሆነ 20 ካሬ ሜትር ብቻ ቢኖር ቁጥሩ ያው 22 ነው። እያንዳንዳቸው 15 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት ትንንሽ ቤቶችም 22 ይሰጣሉ። ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር 3 ሜትር የሚሰፋ ነጣ ያለ የጠጠር መንገድ ካሬዋን ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጣትም እንዲሁ። ምንም ሳይኖርባት አፈሩ ደረቅና ፈዛዛ ቢሆንም 22 ሊመጣ ይችላል። ሁለት ሰዎች ተባብረው 100 ብር አዋጡ የሚል ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው እያንዳንዳቸው ስንት እንዳወጡ ሊናገር እንደማይችለው ሁሉ፣ ይህ ቁጥርም ከኋላው ያለውን አይገልጥም።

ምስሉን አራት እጥፍ የሚያሰፋው ሶፍትዌር ይህችን አንዲት ካሬ በ16 ትንንሽ ካሬዎች ይከፍላታል። እያንዳንዷ 2.5 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ ማለትም 6.25 ካሬ ሜትር ናት። ለ16ቱም ቁጥር መስጠት አለበት፤ ከሳተላይቱ የደረሰው ግን አንድ ብቻ ነው። ጎረቤት ፒክስሎች ጥቂት ይረዱታል። በተርታ ያሉት ካሬዎች ሁሉ ደመቅ ካሉ መንገድ መሆኑን መገመት ይቻላል፤ አንዷ ብቻ ከደመቀች ቤት ወይም አውድማ ይሆናል። በተጨማሪም የመሣሪያው እይታ በካሬዋ ጠርዝ ላይ በስለት አይቆረጥም፤ ከጎረቤት የመጣ ብርሃን በጥቂቱ ይቀላቀላል፤ ይህም ስለ ቦታው አቀማመጥ ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጮቹ ግን አማራጮቹን ያጠቧቸዋል እንጂ አንድ አያደርጓቸውም። የቀረውን የሚሞላው ግምት ነው።

ግምቱ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከድሮ ጀምሮ በየካርታ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያሉት ዘዴዎች የሒሳብ ቀመር ብቻ ይጠቀማሉ። ቀላሉ የቅርቡን ቁጥር ደግሞ ይጽፈዋል፤ 22 የነበረችው ካሬ 16 ጊዜ 22 ትሆናለች። ምስሉ ያስጠላል፤ ነገር ግን ያልነበረ ነገር አይጨምርም፤ ለሥራ የምመርጠውም እሱን ነው። ሁለተኛው ከአንዱ ካሬ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ በመሬቱ ላይ ድንገት የሚያበቃው የማሳ ዳርቻ በምስሉ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ይመስላል። ሦስተኛው፣ ብዙዎች ለጥራቱ የሚመርጡት፣ በነጥቦቹ መካከል ጠመዝማዛ መስመር ይዘረጋል። መስመሩ በደማቅና በጨለማ ነገር መካከል ሲያልፍ ከልኩ አልፎ ይወርዳል፤ በደማቅ ጣሪያ ወይም በነጭ አውድማ ዙሪያ ቀጭን የጨለመ ቀለበት ይቀራል።

ይህ ቀለበት ለሚለካ ሰው አደገኛ ነው። ጥላ ይመስላል፤ አንዳንዴ ቦይ ወይም አጥር ይመስላል። ከላይ በተነሳ ፎቶ የሕንጻን ቁመት የምናሰላው ደግሞ ከጥላው ነው። ፀሐይ በ45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን የጥላው ርዝመትና የሕንጻው ቁመት እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ የፈጠረው እያንዳንዱ ሜትር ጥላ አንድ ሜትር ሕንጻ ሆኖ ይቆጠራል። ጠፍጣፋው አውድማ በወረቀት ላይ ግድግዳ ያለው ነገር ይሆናል።

በአውሮፕላን ወይም በድሮን ተነስተው በጄፔግ የተጨመቁ ፎቶዎች የራሳቸው ተጨማሪ ጣጣ አላቸው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው የሚጨምቀው። ብዙ ከተጨመቀ በኋላ ሲሰፋና ሲሳል የእነዚያ ካሬዎች ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እኩል ርቀት እየጠበቀ ከተዘረጋና ከፎቶው ጠርዝ ጋር ትይዩ ከሆነ የግንብ መሠረት ነው ከማለት በፊት ፒክስሎቹን መቁጠር ይገባል። በየስምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ግንብ የለም።

የዛሬው ትልቁ ጉዳይ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ናቸው። እነዚህ ከቀመር አይነሱም፤ ከምሳሌ ይማራሉ። ለሥልጠና የሚቀርቡላቸው ጥንድ ምስሎች ናቸው፤ አንዱ ደብዛዛ፣ ሌላው የዚያው ቦታ ጥርት ያለ ፎቶ። እጅግ ብዙ ጥንዶችን ካዩ በኋላ እንዲህ ዓይነት ደብዛዛ ነጥብ ሲገጥማቸው ከጥርት ካለው ወገን አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደነበር ይለምዳሉ። አዲስ ምስል ሲሰጣቸው የለመዱትን ይስላሉ።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ምርጫ አለ። ከላይ ወዳየነው 22 እንመለስ። ሶፍትዌሩ ስሕተቱ በአማካይ እንዲያንስ ከሠለጠነ የሚሻለው መልስ የሁሉም አማራጮች ቅልቅል ነው፤ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ መንገድ፣ ትንሽ ፈዛዛ አፈር። ቅልቅሉ ደግሞ ብዥ ያለ ነው። ማንም ብዥ ያለ ምስል ለመግዛት አይመጣም። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚሠለጥኑት ውጤታቸው እውነተኛ ፎቶ መስሎ እንዲታይ ነው፤ እውነተኛ ፎቶ ደግሞ ግማሽ ቤት አያሳይም። ሶፍትዌሩ ከአማራጮቹ አንዱን መርጦ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ጥላ ጨምሮለት ያቀርበዋል። እርግጠኛ ያልሆነበትንና እርግጠኛ የሆነበትን በአንድ ዓይነት ጥራት ነው የሚስለው።

በሃይፋ የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዮካይ ብላውና ቶመር ሚካኤሊ በ2018 ባወጡት ሥራ ይህን በሒሳብ አሳይተዋል። ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ምስሉ ይበልጥ እውነተኛ እንዲመስል በተደረገ ቁጥር ከትክክለኛው ምስል ያለው ርቀት በአማካይ ይጨምራል። አንዱን ለማግኘት ከሌላው መክፈል ግድ ነው። ይህ የአንድ ድርጅት ሶፍትዌር ጉድለት ስላልሆነ ቀጣዩ እትም ያስተካክለዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ለዓይን ያማረውና ለሜትር የሚታመነው ከዚያ ነጥብ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፐልስ የተባለውን የፊት ምስል ማጉያ በ2020 ሲያወጡ ሕዝቡ ነገሩን በዓይኑ አየው። ጥቂት ፒክስል ብቻ የቀረው የባራክ ኦባማ ፎቶ ሲሰጠው የነጭ ሰው ፊት ሠርቶ መለሰ። ፊቱ ጥርት ያለ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ አሠራሩ ነው፤ ፐልስ የተሠራው ያወጣው ፊት መልሶ ሲደበዝዝ ከተሰጠው ደብዛዛ ምስል ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ነው። ከደብዛዛው ጋር መስማማት ማንነቱን አላረጋገጠም። የ20 ካሬ ሜትሩ ጣሪያና የ30ው ጣሪያ ሁለቱም 22 እንደሚሰጡት መሆኑ ነው።

በሳተላይት ምስል ላይም ተመሳሳዩ ታይቷል። በሲያትል ያለው የአለን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋም በ2023 ሳትላስ የተባለውን የዓለም ካርታ ይፋ አደረገ፤ የሴንቲኔል-2ን ምስል በዚህ ዘዴ አጥርቶ ያሳያል። የተቋሙ ሰዎች ራሳቸው ጉድለቱን አልደበቁም። ሬክታንግል የሆነውን ሕንጻ ትራፔዝየም አድርጎ የሚስልበት ጊዜ እንዳለ፣ መኪናና መርከብም በሥልጠናው እንደለመደው ይኖራሉ ብሎ በገመተበት ቦታ እንደሚያስቀምጥ ተናግረዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሕንጻ አሠራር ከአገር አገር መለያየቱ እንደሆነም ገምተዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኛን በቀጥታ ይነካል። ተቋሙ ለሕዝብ የለቀቀው የሥልጠና ስብስብ የሴንቲኔል-2ን ምስል ያጣመረው ናይፕ ከተባለው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የአየር ፎቶ ጋር ነው፤ ናይፕ ደግሞ የሚያነሳው አሜሪካን ብቻ ነው። በአዮዋ የበቆሎ ማሳና በካሊፎርኒያ ሰፈር የተማረ ሶፍትዌር ወደ ሰሜን ሸዋ ወይም ወደ ጋሞ ተራራ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ክብ የሳር ቤት አያውቅም፤ ክብ አውድማ አያውቅም፤ በድንጋይ እርከን የተሸነሸነ ቁልቁለት አያውቅም። በበጋ ነጥቶ የሚታየውን አውድማ ሲያይ ከሚያውቃቸው ነጭ ነገሮች አንዱን፣ ለምሳሌ ማዕዘን ያለው ጣሪያ፣ መርጦ ሊያስቀምጥበት ይችላል። ጎጆውን አጥፍቶ ቁጥቋጦ ሊያደርገውም ይችላል። ጥሩ መስሎ መታየት የሠለጠነበት ሥራው ስለሆነ፣ ለማያውቀው ሰው አገሩ እንደዚያ ይመስለዋል።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ። በብዙ አካባቢ አንድ ጥማድ የሚባለውን፣ ወደ ሩብ ሄክታር የሚጠጋውን መሬት እንውሰድ፤ 50 ሜትር በ50 ሜትር፣ 2,500 ካሬ ሜትር። የሴንቲኔል-2 ካሬዎች ከማሳው ጠርዝ ጋር በትክክል ቢገጥሙ እንኳ 25 ፒክስል ነው የሚይዘው፤ ከእነሱም 16ቱ ዳር ላይ ናቸው። በተግባር አይገጥሙም፤ ዳር ያሉት ፒክስሎች ግማሻቸው የዚህ ማሳ፣ ግማሻቸው የጎረቤት ይሆናሉ። ወሰኑ በእያንዳንዱ ጎን በግማሽ ፒክስል፣ ማለትም በ5 ሜትር፣ ወደ ውጭ ቢነበብ ማሳው 60 በ60 ሆኖ 3,600 ካሬ ሜትር ይመጣል። ወደ ውስጥ ቢነበብ 40 በ40፣ 1,600 ነው። በደብዛዛው ምስል ላይ ይህ ጥርጣሬ በግልጽ ይታያል፤ ለኪው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግምት እያደረገ መሆኑንም ያውቃል።

አራት እጥፍ በሰፋው ምስል ላይ ግን ወሰኑ አንዲት ቀጭን መስመር ሆኗል። ለኪው መስመሯን ተከትሎ ይሄዳል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። መስመሯ በየጎኑ በአንዲት ትንሽ ካሬ ብቻ፣ በ2.5 ሜትር፣ ወደ ውጭ ከተሳለች 55 በ55 ሆኖ 3,025 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ከእውነተኛው በ21 በመቶ የበለጠ። ወደ ውስጥ ከሆነ 2,025፣ በ19 በመቶ ያነሰ። ቁጥሩ ከበፊቱ ይበልጥ የተጣራ ይመስላል፤ እርግጠኛ የሚያደርግ አንዳች አዲስ ነገር ግን አልተጨመረበትም።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች የሚያውቁት፣ ሌላው ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ሰው በእጁ ደብዛዛ ወሰን ሲያሰምር አንዱን ጎን ጥቂት ያሰፋል፣ ሌላውን ጥቂት ያጠብባል፤ ስሕተቶቹ በከፊል ይካካሳሉ። ብዙ ማሳ ሲለካ ደግሞ አማካዩ ወደ እውነቱ ይቀርባል። የሶፍትዌሩ ስሕተት ግን ልማድ አለው። በሥልጠናው ያየው ማሳ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ጠባቡን ወደዚያው ይጎትተዋል፤ ወሰኑ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ሁልጊዜ ከማሳው ውጭ የሚያደርግ ከሆነ በሺህ ማሳ ላይም እንዲሁ ያደርጋል። በአንድ አቅጣጫ የሚያጋድል ስሕተት ስለማይካካስ የአንድ ወረዳ ድምር ሲሠራ አብሮ ይደመራል።

በጊዜ ልዩነት የሚደረግ ንጽጽር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። የጥር ምስልና የመስከረም ምስል ብርሃናቸው፣ የሰብላቸው ቀለም፣ የጥላቸው ርዝመት ይለያያል። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግምት ያወጣል። በመሬት ላይ ንቅንቅ ያላለው ወሰን በአንዱ ምስል ከዛፉ በስተዚህ፣ በሌላው ከዛፉ በስተዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚያነጻጽር ሰው አንደኛው ገበሬ በጎረቤቱ ላይ 5 ሜትር ገፋ የሚል ውጤት ያገኛል። ወሰን መግፋት በአገራችን ምን ያህል ጠብ እንደሚያመጣ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ምስል በሽማግሌ ፊትም ሆነ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ማሰብ ያስፈራል።

የገጠር መሬት ሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠባቸው ወረዳዎች የተሠራበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የቀያሽ ቡድኖቹ ኦርቶፎቶ የሚባለውን፣ መዛነፉ የተስተካከለ ጥርት ያለ የአየር ወይም የሳተላይት ፎቶ ይዘው ወደ ማሳው ይወርዳሉ። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት ወሰኑን እየጠቆሙ በፎቶው ላይ ያሰምራሉ። በፎቶው ላይ ያለው መስመር ካሜራው በእውነት ያየው ነው፤ ያላየውን ደግሞ በቦታው የቆሙ ሰዎች ይናገራሉ። የተጋነነ ምስል በዚህ ፎቶ ቦታ ቢገባ ሥራው ከመሠረቱ ይበላሻል፤ ሰዎቹ የሚጠቁሙት ሶፍትዌሩ የሳለውን መስመር ይሆናል።

በአንጻሩ በእውነት ጥራት የጨመረ ምስል ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። በ2002 የመጠቀው የፈረንሳይ ስፖት-5 ሳተላይት የ2.5 ሜትር ምስል ያወጣ ነበር፤ መሣሪያው ግን በአንድ ጊዜ ከ5 ሜትር በታች አያይም ነበር። ያደረገው ይህ ነው፤ አንድን ቦታ በሁለት ተርታ ዳሳሾች ያነሳል፤ የሁለተኛው ካሬዎች ከመጀመሪያው በግማሽ ፒክስል የተዛወሩ ናቸው። ሁለቱ ሲጣመሩ እያንዳንዷ ካሬ ከሁለት አቅጣጫ ስለተከፈለች አማካዮቹ ብዙ ዓይነት ይሆናሉ፤ የጣሪያው ጠርዝ የት እንዳለም በከፊል ይገለጣል። እዚህ አዲስ ብርሃን ገብቷል፤ ሁለተኛ ልኬት ተወስዷል። ስለዚህ ስለ አንድ ጥርት ያለ ምስል መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባው ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነው። ከአንድ ፎቶ ብቻ ከተሠራ ተጨማሪው ዝርዝር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

የደረሰን ምስል የሰፋ መሆኑን ለማወቅ ፋይሉ ራሱ ሁልጊዜ አይረዳም። በካርታ ሶፍትዌር ውስጥ `Pixel Size` የሚለውን ብናይ ከሰፋ በኋላ 2.5 ሊል ይችላል፤ ይህ የካሬዎቹን ስፋት ይናገራል እንጂ ሳተላይቱ ያየውን አይናገርም። የሚያዋጣው የሳተላይቱን ስም ጠይቆ የተፈጥሮ ጥራቱን ማወቅ ነው። ሴንቲኔል-2 ከ10 ሜትር በታች አያይም፤ ላንድሳት 8 እና 9 በአብዛኛው ቀለማቸው 30 ሜትር፣ በጥቁርና ነጩ 15 ሜትር ናቸው። ከሴንቲኔል-2 ነው የተባለ ምስል ላይ መኪና ቆሞ ከታየ ያንን መኪና ሳተላይቱ አላየውም።

ሁለተኛው ፈተና የጠራውን ምስል መልሶ ወደ 10 ሜትር ማሳነስና ከዋናው ጋር ማነጻጸር ነው። ካልገጠመ ሶፍትዌሩ የተለካውን ራሱን ቀይሮታል ማለት ስለሆነ እዚያው ይጣላል። ከገጠመ ግን፣ ፐልስ እንዳስተማረን፣ ነጻ አላወጣነውም። ሦስተኛውና የተሻለው በተቀራራቢ ቀናት የተነሱ የአንድ ቦታ ምስሎችን ለየብቻ ማጥራት ነው። በሦስቱም ላይ አንድ ቦታ የቆመ ነገር የማመን ምክንያት አለን፤ ከምስል ምስል ቅርጹን የሚቀይር፣ አንዴ ቤት አንዴ ዛፍ የሚሆን ነገር ግን የተፈጠረ ነው። ተመራማሪዎች ደግሞ ከእውነተኛ ጥርት ፎቶ ጋር እያስተያዩ ሶፍትዌሩ ምን ያህሉን በትክክል እንዳሻሻለ፣ ምን ያህሉን እንደዘለለ፣ ምን ያህሉን ከራሱ እንደጨመረ ለየብቻ ይቆጥራሉ። አንድ ሻጭ የሦስተኛውን ቁጥር ሊያሳየን ካልቻለ ምስሉን ለማየት እንጂ ለመለካት አንግዛው።

ይህ ሁሉ ማለት ግን የ10 ሜትር ምስል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በጥቁሩ አፈር መካከል 22 ያለችው ፒክስል አንድ ብሩህ ነገር እዚያ እንዳለ በትክክል ትናገራለች። ከጎኗ ያሉት ሁሉ 10 ሆነው እሷ ብቻ 22 መሆኗ ከየት እንደመጣ መጠየቅና ሰው መላክ ይቻላል። መኖሩን ማወቅና መጠኑን ማወቅ የተለያየ ጥራት ይጠይቃሉ። የአካባቢው ጣሪያዎች ከ50 እስከ 70 በመቶ እንደሚያንጸባርቁ ካወቅን ደግሞ ከዚያችው ቁጥር ተነስተን ብሩሁ ነገር ጣሪያ ከሆነ ስፋቱ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነው ማለት እንችላለን። የሰፋው ምስል አራት ትንንሽ ካሬ ቀብቶ 25 ካሬ ሜትር ይለናል፤ አምስት ከቀባ 31.25። ከ20 እስከ 30 የሚለው ሰፋ ያለ መልስ ከእነዚህ ከሁለቱም ይበልጥ ይታመናል፤ ምን ያህል እንደማናውቅ ይነግረናልና።

ነገሩ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ማስፋት አያስፈልግም። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ይታወቃል። የውሃውን ስፋት ከዓመት ዓመት የተከታተሉ ሰዎች በ10 ሜትርና በ30 ሜትር ምስል በደንብ ሠርተውበታል፤ ዳር ላይ ያሉት የተቀላቀሉ ፒክስሎች ከመካከሉ ውሃ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። የጥማዱ ማሳ ግን ከ25ቱ ፒክስል 16ቱ ዳር ነው፤ እሱን ለመለካት ሌላ ምስል ያስፈልጋል። ዎርልድቪው-3 የተባለው ሳተላይት በጥቁርና ነጩ 31 ሳንቲ ሜትር ያያል። በእሱ ምስል ላይ የማሳው አንድ ጎን ከ160 ፒክስል በላይ ይይዛል፤ ወሰኑ በየጎኑ በግማሽ ፒክስል ወደ ውጭ ቢሳሳት 2,500 የነበረው 2,531 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ በመቶ ጥቂት የበለጠ። ያ ምስል በገንዘብ ነው የሚገዛው። ገንዘቡ ከሌለ 50 ሜትር የሚደርስ የቀያሽ ሜትር፣ ሁለት ሰውና አዋሳኞቹ ሥራውን ይጨርሱታል።